የሥራ ልምድ ደብዳቤው ይተረጎማል፣ ሬዙሜው ግን እንደ አዲስ ይጻፋል

ጥያቄ፦ «በዲቪ ወደ አሜሪካ ከመጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አገር ቤት በአንድ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ‹የፋይናንስ፣ ግዥና ንብረት አስተዳደር ደጋፊ የሥራ ሂደት ከፍተኛ ባለሙያ› ሆኜ ከመስከረም 2006 እስከ ሰኔ 2016 ሠርቻለሁ። የሥራ ልምዴን ፈቃድ ባለው ትርጉም ቤት አስተርጉሜ፣ ከዚያው ላይ ገልብጬ ሬዙሜ አዘጋጀሁ። ከአርባ በላይ ቦታ አመለከትኩ፣ የጠራኝ የለም። አንድ የማውቀው ሰው አይቶት ‹እንግሊዝኛው አይጥምም› አለኝ እንጂ ምኑ እንደሆነ ሊነግረኝ አልቻለም። ሌላው ‹ስኬትሽን ጻፊ› ይለኛል። እኔ ደመወዝ ሠርቻለሁ፣ ሂሳብ አወራርጃለሁ፤ ብቻዬን ያመጣሁት ስኬት የለኝም፣ ማጋነንም አልፈልግም። ትርጉሙን በሌላ ሰው ላሠራው ወይስ ችግሩ ሌላ ነው?»

ምላሽ፦ በሌላ ሰው አያሠሩት። ትርጉም ቤቱ የተጠየቀውን ሠርቷል፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ማኅተሙን አሳርፎበታል። እንዲህ ያለ ትርጉም ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ወይም ማስረጃ ለሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ይጠቅማል፣ እንዳለ ያስቀምጡት። ስህተቱ የተፈጠረው ከዚያ ላይ ወደ ሬዙሜ ሲገለብጡ ነው።

አገር ቤት የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሚጻፈው ሰውየው ተቀጥሮ እንደነበር ለመመስከር ነው። የሥራ መደቡን፣ ደመወዙን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራና የሥራ ግብር ተቆርጦ ገቢ መደረጉን ይናገራል፤ መጨረሻ ላይ ስለ ታታሪነቱና ስለ መልካም ሥነ ምግባሩ አንድ መስመር ይጨመራል። ስለ ተሠራው ሥራ የሚናገር ነገር ካለው ከሥራ መደቡ መዘርዝር የተቀዳ ስለሆነ፣ እዚያ ወንበር ላይ ከእርስዎ በፊትም በኋላም የተቀመጠ ሁሉ የሚጋራው ነው። እዚህ ያለ ቀጣሪ ደግሞ ሬዙሜ የሚያነብበት ምክንያት ሌላ ነው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ቢያስገባዎት የትኛውን ሥራ ከጠረጴዛው ላይ እንደሚያነሡለት ማወቅ ይፈልጋል። ደብዳቤው ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ በግሩም እንግሊዝኛ ቢተረጎምም አይኖረውም።

ሁለቱ ወረቀቶች መመሳሰል ያለባቸው በሐቅ እንጂ በቃል አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ማንነት፣ የጊዜው ርዝመት፣ የኃላፊነትዎ ደረጃ አንድ መሆን አለበት። ከዚህ ውጭ ሬዙሜ ማኅተም የሌለው፣ ስለ ራስዎ ራስዎ የሚጽፉት ወረቀት ስለሆነ ከደብዳቤው ቃል ቢለይ ማንም ሐሰት አይለውም።

አስቀድመው ዛሬውኑ የሚያርሙት ግን ቋንቋውን ሳይሆን ዓመተ ምሕረቱን ነው። ከትርጉሙ ላይ የገለበጡት 2006 እና 2016 የእኛ አቆጣጠር ናቸው። ትርጉም ቤቱ ከጎኑ «ኢ.ሲ.» ብሎ ጽፎ ይሆናል፤ የማመልከቻ ቅጽ ላይ ሲሞላ ያ ምልክት ይወድቃል፣ ባይወድቅም የሚያውቀው የለም። አንባቢው የሚያየው በ2016 ሥራ አቁመው ከስምንት ዓመት በላይ ያለ ሥራ የተቀመጡ ሰው ነው። ሌላም አለ፦ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዎ በእንግሊዝኛው በኩል ብዙውን ጊዜ የፈረንጅ ዓመት ነው የሚጻፍበት። እርስዎ በ2005 ተመርቀው ከሆነ ዲግሪው 2013 ይላል፤ ሥራው ደግሞ ከ2006 ይጀምራል። ሳይመረቁ ሰባት ዓመት በሂሳብ ባለሙያነት የሠሩ ሆነው ይታያሉ ማለት ነው። መስከረም 2006 ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 ቀን 2013 ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ሰኔ 2016 ደግሞ ከጁን 8 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024 ድረስ ያለው ጊዜ ስለሆነ ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን አይተው ወሩን ይወስኑ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት መሆኑን ያስታውሱ፤ በጅምላ ስምንት የሚደምሩ ሰዎች የሥራ መጀመሪያቸውን በአንድ ዓመት ያዛቡታል። ከአርባዎቹ ማመልከቻዎች ስንቱ በዚህ ብቻ እንደወደቀ ማወቅ አይቻልም፤ ግን ሬዙሜ የሚያጣራ ሰው ቀን የማይገጥምበትን ወረቀት ለመጣል ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

ቀጥሎ የሥራ መጠሪያዎ ነው። «የሥራ ሂደት» የሚለው አጠራር ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን የገባው ቢፒአር በተባለው መሠረታዊ የአሠራር ለውጥ ጊዜ ነው፤ መምሪያና ክፍል የነበረው ሁሉ ዋና ወይም ደጋፊ የሥራ ሂደት ተባለ። እኛ ስንሰማው የፋይናንስ ክፍል ማለት እንደሆነ ይገባናል። ትርጉም ቤቱ «ሳፖርት ፕሮሰስ» ሲለው ግን አሜሪካዊው ኮምፒውተር ጥገና ይሁን የፋብሪካ ሥራ ይሁን አያውቅም። «ባለሙያ» የሚለውን ደግሞ «ኤክስፐርት» ብሎታል። አገር ቤት ይህ ቃል በመንግሥት መሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ የተለመደ ነው፤ ትናንት የተቀጠረ ልጅም ጀማሪ ኤክስፐርት ይባላል። እዚህ ግን ኤክስፐርት ፍርድ ቤት ቀርቦ ሙያዊ ምስክርነት የሚሰጥ ዓይነት ሰው ነው። ማጋነን አልፈልግም ብለዋል፤ ሳያውቁት ትልቁን ማጋነን አናት ላይ አስቀምጠዋል።

የእርስዎ ሥራ እዚህ «ሲኒየር አካውንቲንግ ስፔሻሊስት» ቢባል ልክ ነው። «ኦፊሰር» የሚለው ቃል ለአውሮፓ ድርጅቶችና ለእርዳታ ድርጅቶች ይስማማል፤ አሜሪካ ውስጥ ግን በግል ኩባንያ ሲነገር ከፍ ያለ ሹመት ይመስላልና እንዳይጠቀሙበት። «ማኔጀር» ከሥርዎ ሠራተኛ ካልነበረ አይነካም። የራስዎን አጠራር ከላይ ከጻፉ በኋላ በዚያው መስመር ላይ ኦፊሴላዊ መጠሪያዎ በደብዳቤው ላይ እንዴት እንደተጻፈ አጠር አድርገው ያስገቡ። ቀጣሪው የኋላ ታሪክ አጣሪ ድርጅት ሲያሠማራ የሚገኘው መጠሪያ ያ ስለሆነ፣ ቀድመው ከነገሩት ልዩነቱ ጥርጣሬ አያመጣም። «ወረዳ»ንም እንደ ስም ብቻ አይተዉት፤ «ዲስትሪክት ገቨርመንት ፋይናንስ ኦፊስ» ይበሉና ከሥሩ በግማሽ መስመር ስንት መሥሪያ ቤቶችን እንደሚያገለግል ይግለጹ። ወረዳ ላይ በፑል የሚሠራውን ሥርዓት ያውቁታል፤ አንድ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የትምህርቱን፣ የጤናውን፣ የግብርናውን ሂሳብ በአንድነት ይዞ ይሠራል። ይህን የማያውቅ አንባቢ አንዲት ትንሽ ቢሮ ውስጥ የአምስት ሰው ሂሳብ ሲይዙ የኖሩ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ግሡ እንምጣ፤ «አይጥምም» ያሉት ሰው የቀመሱት እዚህ ላይ ነው። አማርኛ የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ሠሪውን መሸፈን ይወዳል። «ተከናውኗል»፣ «እንዲከፈል ተደርጓል»፣ «ክትትል ተደርጓል» እንላለን። ለእኛ ይህ ትሕትናም ሥርዓትም ነው፤ ሥራው የመሥሪያ ቤቱ ነውና ግለሰቡ አይጎላም። «የሠራተኞች ደመወዝ በወቅቱ እንዲከፈል አድርገዋል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ትርጉም ቤቱ ቃል በቃል ሲመልሰው፣ የሠራተኞች ደመወዝ በሰዓቱ እንዲከፈል ያስደረጉ፣ ማለትም ኃላፊዎችን የተቆጡ ወይም የታገሉ ሰው ይመስላሉ። «ማድረግ» በአማርኛ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ያቅፋል፦ ሰነዱን ማዘጋጀት፣ ሰነዱን መመርመር፣ ክፍያውን መፍቀድ። እንግሊዝኛው ከሦስቱ አንዱን እንዲመርጡ ያስገድድዎታል።

ለመምረጥ የሚረዳዎት ነገር እጅዎ ላይ ነበር። የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን ያስታውሱት፤ ከግርጌው ሦስት የፊርማ ቦታ አለ። «ያዘጋጀው»፣ «ያረጋገጠው»፣ «ያጸደቀው» ይላል። የወጪ ማዘዣውም እንደዚያው ነው። እርስዎ የትኛው ላይ ነበር የሚፈርሙት? ያዘጋጀው ላይ ከሆነ ግሡ «ፕሪፔርድ» ነው። ያረጋገጠው ላይ ከሆነ «ሪቪውድ» ወይም «ቬሪፋይድ» ነው። ያጸደቀው ላይ ከሆነ ብቻ «አፕሩቭድ» ይሆናል። እያንዳንዱን ሥራዎን በዚህ ፊርማ ይለኩት። ማጋነንም ራስን ማሳነስም የሚቀረው በዚህ ነው፤ ፊርማዎ ያረፈበት ቦታ ሐቁን ይናገራል።

እንግዲህ ያ መስመር እንዲህ ይሆናል፣ የእንግሊዝኛውን ድምፅ በፊደላችን ልጻፈው፦ «ፕሪፔርድ መንዝሊ ፔይሮል ፎር 412 ኢምፕሎይስ፣ ኢንክሉዲንግ ኢንካም ታክስ ኤንድ ፔንሽን ዲዳክሽንስ»። 412 እኔ ለምሳሌ ያስገባሁት ቁጥር ነው፤ የራስዎን ያስገቡ። መስመሩ ውስጥ «እኔ» የለም፣ «እሷ»ም የለም፤ የአክብሮት ብዙ ቁጥርም አያስፈልግም። በኃላፊ ጊዜ ግስ ይጀምራል፣ ከዚያ የምን ሥራ፣ ለስንት ሰው፣ በየስንት ጊዜ። «በወቅቱ» የሚለውን አውጥቼዋለሁ። ደመወዝ በወቅቱ መክፈል እዚህ የሚመሰገንበት ሳይሆን ባይሆን የሚከሰሱበት ነገር ነው። ግብርና ጡረታ መቀነሱን ያስገባሁት ደግሞ የፔይሮል ቀጣሪ መጀመሪያ የሚፈልገው ተቀናሽ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ነው። የአሜሪካው ተቀናሽ ሌላ ነው፤ ግን ከጠቅላላ ደመወዝ ተነሥቶ የተጣራው ላይ የሚደርስ ሰው አዲሱን ሰንጠረዥ ይለምደዋል።

«ክትትል» የሚለውን ቃል ለብቻው ላንሣው፤ ከአገር ቤት በሚመጡ ሬዙሜዎች ላይ ከማንም በላይ የማየው እሱ ነውና። «ፎሎው አፕ» ብለን እንተረጉመዋለን። እዚህ ቢሮ ውስጥ ፎሎው አፕ ማለት ቀደም ሲል ለተጻፈ ኢሜይል ወይም ለተደወለ ስልክ መልስ ሲዘገይ እንደገና ማስታወስ ነው። «የበጀት አጠቃቀምን ተከታትያለሁ» ለማለት ፈልገው «በጀቱን ፎሎው አፕ አደረግሁ» ሲሉ፣ አንባቢው ስለ በጀቱ ስልክ ሲደውሉ ያስባል። በየወሩ ወጪውን ከተፈቀደው ጋር እያነጻጸሩ ከሆነ «ሞኒተርድ» ነው። መዝገብ ይዘው እንቅስቃሴውን እየጻፉ ከሆነ «ትራክድ» ነው። ሰዎች ሥራውን ሲሠሩ እርስዎ በኃላፊነት እየመሩ ከሆነ «ኦቨርሶው» ነው። «ልዩ ልዩ ተግባራት» የሚለውንም ጨርሰው ያውጡት፤ ምንም የማይናገር መስመር ከባዶ ቦታ ይብሳል።

ከግሡ በኋላ የሙያ ቃላቱ ይመጣሉ፤ እዚህ ደግሞ አደጋው ትርጉሙ ትክክል ሆኖ ሳለ ነገሩ የተለየ መሆኑ ነው። «ተሰብሳቢ ሂሳብ» በመዝገበ ቃላት «አካውንትስ ሪሲቨብል» ነው። አገር ቤት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን ተሰብሳቢ የሚባለው በአብዛኛው ለመስክ ሥራ ወይም ለግዥ በቅድሚያ ገንዘብ የወሰደ ሠራተኛ ያላወራረደው ነው። እዚህ አካውንትስ ሪሲቨብል ያሉ እንደሆነ ለደንበኛ ደረሰኝ ልከው፣ ክፍያ ሲዘገይ ጠይቀው፣ የማይከፈለውን ለይተው የሠሩ ሰው ናቸው ተብሎ ይታሰባል። ቃለ መጠይቁ ላይ ስንት ደንበኛ ነበረዎት ሲባሉ መልስ ያጣሉ። የእርስዎ ሥራ «ስታፍ አድቫንስስ» ነው። ማወራረድን «ሊኪዴትድ» ብለው የተረጎሙት እንደሆነም ይቀይሩት፤ ለብዙ አንባቢ ድርጅት ፈርሶ ንብረቱ ሲሸጥ ነው የሚታየው። «ሪኮንሳይልድ» ወይም «ክሊርድ» ይበሉት። አይቤክስ ላይ ሠርተው ከሆነ ስሙን ይጻፉ፣ ግን የመንግሥት በጀትና ሂሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌር መሆኑን ከጎኑ ይናገሩ፤ ስሙን ብቻውን የሚያውቅ የለም። ሞዴል 19ና ሞዴል 22ን ደግሞ በቁጥራቸው አይጥሯቸው። አንዱ የዕቃ ገቢ፣ ሌላው የዕቃ ወጪ ሰነድ ነው፤ በዚያው ስም ይግቡ።

ስኬት የለኝም ስላሉት ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ብዕሩን የሚያስቀምጠው። ስኬት ሲባል ሽልማት ወይም ሹመት ይመስለናል። ለቀጣሪው ግን እርስዎ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ የነበረው ሁኔታና ሲነሡ የነበረው ሁኔታ ልዩነቱ ነው። ከእርስዎ ጋር በሚመሳሰል የወረዳ ፑል ውስጥ ይሠሩ የነበሩ አንዲት ሴት ሬዙሜያቸውን ይዘው መጡ፤ እሳቸውም «ሂሳብ ከማወራረድ ሌላ የሠራሁት የለም» አሉ። ያንን የማወራረድ ሥራ ሲረከቡ ርክክቡ ላይ ምን ተጽፎ ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና ከቀድሞ ዓመታት የተንከባለለ 1.8 ሚሊዮን ብር ያልተወራረደ እንደነበረ ተናገሩ። በየዓመቱ የኦዲት ግኝት ሆኖ የሚመለስ፣ የተዛወሩና ሥራ የለቀቁ ሰዎች ስም ያለበት ነው። ሲለቁስ? 240 ሺህ ብር ገደማ ቀርቶ ነበር። በስንት ጊዜ? በሁለት ዓመት።

ይህ ስኬት አይደለም ወይ ስላቸው «እኔ ብቻዬን አይደለሁም እኮ፣ ከደመወዝ ይቆረጥ ብለው የወሰኑት ኃላፊው ናቸው» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ያንን ለራሳቸው መውሰድ የለባቸውም። ስለዚህ የእሳቸውን ድርሻ ብቻ ለየን። የተጠራቀመውን ሰነድ በየሰው ስም የለዩት እሳቸው ናቸው። በኤክሴል ዝርዝር አዘጋጅተው በየወሩ ለየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ሰነድ ያመጣውን ከመዝገቡ ያወረዱት እሳቸው ናቸው። መስመሩ እንዲህ ሆነ፦ «ሄልፕድ ከት አንሴትልድ ስታፍ አድቫንስስ ፍሮም 1.8 ሚልየን ቱ 240,000 ብር ኢን ቱ ይርስ ባይ ቢልዲንግ ኤ ኔም-ባይ-ኔም ሊስት ኤንድ ድራፍቲንግ መንዝሊ ኖቲስስ»። በእኛ ቋንቋ፣ በስም የተለየ ዝርዝር በማዘጋጀትና በየወሩ ማሳሰቢያ በማርቀቅ ያልተወራረደው የሠራተኞች ቅድሚያ ክፍያ በሁለት ዓመት ከ1.8 ሚሊዮን ወደ 240 ሺህ ብር እንዲወርድ ረድተዋል ማለት ነው። «ሄልፕድ» የሚለው አንድ ቃል የኃላፊውን ድርሻ ያስከብራል፤ «ባይ» ብሎ የሚጀምረው ደግሞ የእሳቸውን ያሳያል። «እኛ» ብሎ ያደገ ሰው «እኔ» ለማለት ሲቸገር መፍትሔው ይህ ነው፦ ውጤቱን የጋራ፣ ዘዴውን የራስ አድርጎ መጻፍ።

እርስዎም እንዲሁ ያስቡ። የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ሲጀምሩ ስንት ወር ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር? የወር ሪፖርት በስንተኛው ቀን ይደርስ ነበር፣ ኋላስ? በእጅ ሲሠራ ኖሮ ወደ ኤክሴል ያዞሩት ነገር አለ? አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የሚያሳዩት እርስዎ ነበሩ? የግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ምዘናዎን ያስመዘገቡበት ወረቀት ካለዎት ያውጡት፤ ርክክብ ያደረጉበትን ሰነድም ባልደረባዎ ፎቶ አንሥተው ይላኩልዎት። ከዚያ ውስጥ ሦስት ወይም አራት መስመር ይበቃል። ቁጥሩን በትክክል ካላስታወሱ «ከ300 በላይ» ወይም «ወደ 10» ይበሉ፤ የማያውቁትን ቁጥር ግን አይፍጠሩ። ፈተናው ቀላል ነው፦ «እንዴት አደረጉት?» ቢባሉ ሁለት ደቂቃ ሳያቋርጡ የሚያወሩለት ካልሆነ መስመሩን ይሰርዙት።

ከምዘና ወረቀቱ ላይ ሲቀዱ ግን ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛው የዕቅድ መቶኛ ነው። «የዕቅዱን 112 በመቶ አከናውኛለሁ» እኛ ዘንድ ምስጋና ነው። ዕቅዱን የማያውቅ አንባቢ ግን ምንም አይለካበትም፣ ከመቶ በላይ መሆኑም ያስጠረጥረዋል። ከመቶኛው ጀርባ ያለውን ቁጥር፣ ስንት ሰነድ፣ ስንት ክፍያ፣ ስንት ቀን የሚለውን ይጻፉ።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። «የተመደበውን በጀት 99 በመቶ ጥቅም ላይ አውለናል» የሚለው ነው። አገር ቤት ያላለቀ በጀት ሰኔ 30 ላይ ተመላሽ ስለሚሆንና ሥራው አልተሠራም ስለሚያሰኝ፣ መጨረስ ትልቅ ውጤት ነው። የግል ኩባንያ ባለቤት ሲያነበው ግን ገንዘቤን እስከ መጨረሻው ያወጣልኝ ሰው ብሎ ይረዳዋል፤ እሱ የሚያደንቀው ያተረፈለትን ነው። አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንድ ዓይነት እውነት፣ ለሁለት አንባቢ ተቃራኒ ትርጉም አለው። ለእርዳታ ድርጅት ወይም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲያመለክቱ እንዳለ ይተዉት፣ ይረዱታል። ለግል ኩባንያ ከሆነ ያውጡትና በምትኩ ክፍያዎች ከተፈቀደው በጀት ሳያልፉ መቆጣጠርዎን ይጻፉ፤ ያንንም ሠርተዋልና።

ስለ ብር አንድ ነገር ልጨምር። የበጀቱን መጠን ወደ ዶላር መመለስ ይጠቅማል፣ ግን በዛሬው ምንዛሪ አይደለም። በ2010 በጀት ዓመት 86 ሚሊዮን ብር የሚያንቀሳቅስ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነበሩ እንበል። ብሔራዊ ባንክ በኦክቶበር 2017 ብርን በ15 በመቶ ካዳከመው በኋላ አንድ ዶላር ወደ 27 ብር ነበር፤ በዚያ ሂሳብ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ምንዛሪው በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ግን ዶላር ከ100 ብር አልፏል፣ በዚህ ቢሰላ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንኳ አይሞላም። ሥራው የተሠራበትን ጊዜ ምንዛሪ ይዘው አጠጋግተው ይጻፉ። እንደ ከላይዋ ሴት ያለ መስመር ላይ ግን ልዩነቱን የሚያሳየው ራሱ ብሩ ስለሆነ መመንዘር አያስፈልግም። የራስዎን ደመወዝ በፍጹም አያስገቡ፤ ደብዳቤው ላይ ስላለ ብቻ ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ፎቶ፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታና ሃይማኖትም አሜሪካ ውስጥ ሬዙሜ ላይ አይገቡም።

የቋንቋ ማስተካከያ የማይፈታው ነገርም አለ፤ ልደብቅዎት አልፈልግም። የመንግሥት ሂሳባችን ገንዘብ ሲወጣና ሲገባ በመመዝገብ ላይ የተመሠረተ፣ በተወሰነ ደረጃ የተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ ሂሳብ ነው። የአሜሪካ ኩባንያዎች የሚሠሩት ግን ገቢና ወጪን ገንዘቡ ባይንቀሳቀስም በተፈጠረበት ጊዜ በሚመዘግበው በአክሩዋል ነው። የወሩን መዝጊያ ብቻዎን ዘግተው የሂሳብ መግለጫ እንዲያወጡ በሚጠብቅ «ስታፍ አካውንታንት» በሚባል መደብ ላይ ሬዙሜው ቢያስገባዎት እንኳ ሥራው ይከብድዎታል። ስለዚህ አርባውን ማመልከቻ በዚህ መጠሪያ ልከው ከሆነ አቅጣጫውንም ይቀይሩ።

የምመክርዎት ይህን ነው። አንድ ገጽ ተኩል የማያልፍ አዲስ ሬዙሜ ይጻፉ፤ የትርጉሙን ወረቀት ሳያዩ፣ የፊርማ ቦታዎን እያስታወሱ። የአቅራቢ ክፍያ ለሚሠራበት «አካውንትስ ፔየብል» እና ደመወዝ ለሚሠራበት «ፔይሮል» መደቦች ያመልክቱ፤ ሁለቱንም አሥር ዓመት ሠርተዋቸዋል። ከግል ኩባንያ በፊት የካውንቲ መንግሥት ፋይናንስ ቢሮዎችንና በእርዳታ ገንዘብ የሚተዳደሩ ድርጅቶችን ይሞክሩ። እዚያ በጀት ከመክፈል በፊት ይያዛል፣ ገንዘብ በምንጩ ይለያል፣ ኦዲተር በየዓመቱ ይመጣል፤ የወረዳ ሥራዎን ሳያስረዱት የሚረዳ አለቃ የሚያገኙት እዚያ ነው። ማስታወቂያው የሚጠቀምበትን ቃል ይመልከቱና የሠሩትን ሥራ በዚያው ቃል ይጥሩት፤ እነሱ «ቬንደር ኢንቮይስስ» ካሉ የእርስዎ «የአቅራቢ ክፍያ ሰነድ» በዚያ ስም ይግባ። ጨርሰው ሲያበቁ ሂሳብ የማያውቅ አንድ የእዚህ አገር ሰው ያንብበው፤ ጎረቤትም ቢሆን፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪዎም ቢሆን። እንዲያርምልዎ አይጠይቁት፤ በየመስመሩ «እዚህ ላይ ምን ስሠራ ይታይሃል?» ይበሉት። የሚነግርዎት እርስዎ ከሠሩት የተለየበት መስመር ካለ፣ እንደገና የሚጻፈው እሱ ነው።